የ75ኛው ዓመት የምሥረታ በዓል፦ የክብር እንግዳችንን ለማስተዋወቅ የቀረበ ንግግር

ክቡር የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣ የተከበራችሁ የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረት አባላት፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ከደሴም ከሩቅ አገርም የመጣችሁ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ውድ መምህራኖቻችንና የትምህርት ቤቴ ልጆች፣ እንኳን ለትምህርት ቤታችን 75ኛ ዓመት የምሥረታ በዓል በሰላም አደረሳችሁ።

እኔ የ12ኛ ክፍል ተማሪና የተማሪዎች ፓርላማ አፈ ጉባኤ ነኝ። የክብር እንግዳችንን እንዳስተዋውቅ አደራ የሰጡኝ ተማሪዎቹ ስለሆኑ፣ እንግዳዋ እንዴት እንደተመረጡ በመናገር ብጀምር ይሻላል። በጥር ወር ፓርላማችን በጉዳዩ ላይ ሲወያይ አምስት ጥቆማዎች ቀርበውለት ነበር። አራቱ ከዚህ ግቢ ወጥተው በሹመት፣ በሕክምናና በንግድ ስማቸው የተጠራ፣ እኛም የምንኮራባቸው ሰዎች ነበሩ። አምስተኛውን ጥቆማ ያቀረበችው ከኋላ የተቀመጠች የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን፣ ያለችውም «የመዝገብ ቤቷ እትዬስ?» የሚል ብቻ ነበር። አዳራሹ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ፤ ከዚያ በኋላ ግን ድምፅ መቁጠር እንኳ አላስፈለገንም።

የእንግዳችን ሙሉ ስም በየእጃችሁ በያዛችሁት የመርሐ ግብር ወረቀት ላይ ሰፍሯል። ይሁን እንጂ በዚህ ግቢ ያለፈ ተማሪ ሁሉ የሚያውቃቸው «እትዬ ሮስተር» በሚለው ስም ነው። ስሙን ያወጡላቸው የ1980ዎቹ ተማሪዎች እንደሆኑ ይነገራል፤ ከእነዚያ ተማሪዎች አንዳንዶቹ ዛሬ የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው በመካከላችን ስለተቀመጡ፣ ጥፋተኛውን መፈለግ ለእነሱ የተተወ ነው።

እትዬ በዚህ ትምህርት ቤት ሥራ የጀመሩት በ1977 ዓ.ም. በታይፒስትነት ነው። ያ ዓመት ለወሎ ሕዝብ ምን ዓይነት ዓመት እንደነበረ ታላላቆቻችን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። በድርቁና በረኃቡ ምክንያት ብዙ ቤተሰብ ቀዬውን ለቆ ተሰደደ፤ ብዙውም በሰፈራ ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ ተወሰደ። በዚያ ጥድፊያ መልቀቂያ ለማውጣት ጊዜ ያገኘ ተማሪ አልነበረም። የአዲሷ ታይፒስት የመጀመሪያ ሥራ ከቀሩት ተማሪዎች ስም ትይዩ «አቋርጧል» ብሎ መጻፍ ነበር። እትዬም የታዘዙትን ጻፉ፤ ነገር ግን ከጎረቤትና ከዘመድ እየጠየቁ፣ እያንዳንዱ ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ወዴት እንደሄደ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ አሰፈሩ። ይህን እንዲያደርጉ ያዘዛቸው ሰው አልነበረም። ከዓመታት በኋላ ከመተከል የመጣ አንድ ጎልማሳ እስከ 7ኛ ክፍል መማሩን የሚያስረዳ ወረቀት ሲጠይቅ፣ መዝገቡ ተገልጦ ስሙም፣ የሄደበትም ስፍራ፣ የአባቱም ስም ተጽፎ ተገኘ። እትዬ ይህንን ታሪክ የነገሩኝ ለሦስተኛ ጊዜ ቤታቸው በሄድኩ ዕለት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ያወሩልኝ ስለ ሌሎች ሠራተኞች ብቻ ነበር።

በኋላም የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ሆነው እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ በድምሩ 36 ዓመት አገልግለዋል። ፈተና በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ስቴንስል ላይ ተመትቶ፣ በዱፕሊኬተር እየተባዛ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ለተፈታኝ ከሚታደልበት ዘመን አንሥቶ ውጤት በኮምፒውተር እስከሚሞላበት ዘመን ድረስ ሠርተዋል። ወደ ሪያድና ወደ ቤይሩት ለሥራ የሄዱ፣ በዋሽንግተን ኮሌጅ ለመግባት ትራንስክሪፕት ያስፈለጋቸው የትምህርት ቤታችን ልጆች ሁሉ ወረቀታቸው በእትዬ እጅ አልፏል። በጥንቃቄያቸው የታወቁ ናቸው፤ እኔም በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ የእናቴን የ9ኛ ክፍል ደረጃ እንዲነግሩኝ ለምኛቸው ነበር። «እናትሽ ራሷ መጥታ ትጠይቅ» ብለው መለሱልኝ። እናቴ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ትገኛለች፤ ስለዚህ ሁልጊዜ እንደምትነግረኝ፣ ከሦስተኛ ወርዳ የማታውቅ ተማሪ እንደነበረች ማመኔን እቀጥላለሁ።

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እትዬ ጡረታ በወጡ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ ጦርነቱ ወደ ከተማችን ተጠጋ። በዚያን ጊዜ የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ በእጃቸው አልነበረም፤ ኃላፊነቱም የእሳቸው አልነበረም። ሆኖም ከሁለት የጥበቃ ሠራተኞች ጋር ተነጋግረው፣ ሮስተሮቹንና የነባር ተማሪዎችን መዝገቦች በማዳበሪያ ከረጢት እየሞሉ፣ በአንድ ባጃጅ አራት ጊዜ ተመላልሰው ወደ ቤታቸው ወሰዱ። ከረጢቶቹን በጓዳቸው ደርድረው በላያቸው ላይ የማሽላ ጆንያ ጫኑባቸው። በኅዳር መጨረሻ ከተማዋ ስትረጋጋ ወደ ግቢያችን የተመለሱ መምህራን ያገኙት የተሰበረ በር፣ ባዶ ላቦራቶሪና ኮምፒውተር የሌለባቸው ጠረጴዛዎች ነበሩ። የጠፋው ዕቃ በብዙ ሰው ርብርብ ቀስ በቀስ እየተተካ ነው፤ ለዚህም የቀድሞ ተማሪዎቻችንን እናመሰግናለን። የ70 ዓመት ሮስተር ቢጠፋ ግን በምን ገንዘብ ይተካ ነበር? በዚያው ሰሞን ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ተፈናቅለው የነበሩ ተማሪዎች በሄዱበት ትምህርታቸውን ለመቀጠል ማስረጃ ሲጠይቁ፣ እትዬ የምግብ ማብሰያ ክፍላቸውን ቢሮ አድርገው፣ ከሮስተሩ እየገለበጡ፣ ርዕሰ መምህሩን እያስፈረሙ ለእያንዳንዱ ሰጥተዋል።

ከተረፉት መዛግብት መካከል አንዱ አሁን በዚህ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ትምህርት ቤታችን በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ማለትም የመጀመሪያው የመንግሥት ትምህርት ቤት በዳግማዊ ምኒልክ ስም በአዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ ከ42 ዓመት በኋላ፣ የተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 47 ተማሪዎች ስም የሰፈረበት መዝገብ ነው። ዛሬ 75ኛ ዓመታችን መሆኑን የምናውቀው የምዝገባው ቀን በዚህ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በቀይ ቀለም ስለተጻፈ ነው። ገጹን እኛ ተማሪዎች ከመድረክ ላይ ለማንበብ አስበን ነበር፤ ሆኖም ከእትዬ በፊት ማንም እንዳይከፍተው ተስማምተናል።

እትዬ፣ በመጀመሪያ ጥሪያችንን ስናደርስልዎ «እኔ አስተማሪ አይደለሁም፤ ተሳስታችኋል» ብለውን ነበር። ፓርላማው በጉዳዩ ላይ ዳግም ተወያይቶ አለመሳሳቱን በሙሉ ድምፅ አረጋግጧል፤ ቃለ ጉባኤውም በመዝገብ ቤት ተቀምጧል።

ክቡራትና ክቡራን፣ እባካችሁ ከመቀመጫችን ተነሥተን እንቀበላቸው። እትዬ፣ ወደ መድረኩ ይምጡልን፤ መዝገቡን ከፍተው የ47ቱን ስም ያንብቡልን።