ለሰው ሀብት ኦፊሰር የሥራ መደብ የቀረበ የማመልከቻ ደብዳቤ

ቀን፦ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሆቴሉ የሰው ሀብት አስተዳደር መምሪያ ኃላፊ
ስታዲየም አካባቢ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በሰው ሀብት ኦፊሰርነት ለመቀጠር ማመልከቴን ይመለከታል

የተከበሩ የመምሪያው ኃላፊ፣

ሆቴሉ ባለፈው እሑድ በሪፖርተር ጋዜጣ ባወጣው ማስታወቂያ ለሰው ሀብት ኦፊሰርነት ሠራተኛ እንደሚፈልግ አይቼ ይህን ማመልከቻ አቅርቤያለሁ። አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርት ነኝ። ማስተማር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ ያለፉትን 4 ዓመታት ደግሞ ከማስተማሩ ጎን ለጎን በዩኒት ሊደርነት ሠርቻለሁ። ማስታወቂያው በሙያው የ2 ዓመት ልምድ ይጠይቃል። እኔ በሰው ሀብት ክፍል ተቀጥሬ አላውቅም። ማመልከቻዬ በመደቡ ስም ብቻ ታይቶ ወደ ጎን እንዳይደረግ፣ በእጄ ያለፈውን ሥራ በዝርዝር ላስረዳዎት ብዬ ደብዳቤውን ረዘም አድርጌዋለሁ።

የዩኒት ሊደር ሥራ ከትምህርት ቤት ውጭ ብዙም አይታወቅም። በእኔ ስር 31 መምህራን ነበሩ። ፊርማቸውን መቆጣጠር፣ የቀረውን ሰው ክፍለ ጊዜ በሌላ መሸፈን፣ የፈቃድ ጥያቄን አጣርቶ ለርዕሰ መምህሩ ማቅረብ፣ አዲስ የመጣውን መምህር ከሥራው ጋር ማስተዋወቅ፣ ሁለት ባልደረቦች ሲጋጩ ነገሩ ሳይከር መሃል መግባት፣ ይህ ሁሉ የእኔ ድርሻ ነበር። በእነዚህ ዓመታት ከተማሪ ይልቅ ከመምህር ጋር የማሳልፈው ሰዓት እየበዛ ሄደ። የምወደውና የሚሳካልኝ ሥራ ይህ መሆኑንም ያወቅኩት በዚያው ነው።

አንድ ጉዳይ በቅርበት ላሳይዎት። በትምህርት ቤታችን የመምህራን ፊርማ መዝገብ ላይ ጠዋት ልክ 2 ሰዓት ሲሆን ቀይ መስመር ይሰመራል። ከመስመሩ በታች የፈረመ አርፋጅ ነው። አንድ አዲስ የሒሳብ መምህር በመጀመሪያው ወር 7 ጊዜ ከቀዩ መስመር በታች ፈረመ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍለት ተባለ። ደብዳቤውን ከማርቀቄ በፊት መዝገቡን ወስጄ ያረፈደባቸውን ቀኖች በአንድ ወረቀት ላይ ገለበጥኳቸው። ሰባቱም ሰኞና ሐሙስ ነበሩ። በእረፍት ሰዓት ለብቻው ጠርቼ ወረቀቱን ፊቱ አስቀመጥኩና “ሰኞና ሐሙስ ምን አለ?” አልኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ አባቱ የኩላሊት እጥበት ላይ እንደሆኑ፣ በእነዚህ ሁለት ቀናት ሆስፒታል አድርሷቸው ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት እንደሚሮጥ ነገረኝ። አዲስ ስለሆነ “ገና ሳይጀምር ችግር ይዞ መጣ” እንዳይባል ፈርቶ ነው የደበቀው።

ያደረግኩት ነገር ቀላል ነው። የሰኞና የሐሙስ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜውን ከአንድ ባልደረባው አምስተኛ ክፍለ ጊዜ ጋር አቀያየርኩ። የሆስፒታሉን ማስረጃ ከግል ማኅደሩ ጋር አያያዝኩ። ለውጡን በአንድ ገጽ ጽፌ ሁለቱ መምህራን፣ እኔና ርዕሰ መምህሩ ፈረምንበት። ከዚያ በኋላ ስሙን ከቀዩ መስመር በታች አላየሁትም፤ ዛሬም እዚያው ያስተምራል። በዚያው ዓመት በቂ ምክንያት ያላቀረበ ሌላ መምህር ነበር። እሱን በቃል መከርኩት፤ ባለመስተካከሉ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያውን ያረቀቅኩት ራሴ ነኝ። ሁለቱንም የማነሣው ሰውን መስማትና ደንብን ማስከበር ለእኔ የማይነጣጠሉ ስለሆኑ ነው። ሳይጠየቅ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሰው ቂም ይይዛል። ያለ ምክንያት የታለፈው ደግሞ በሰዓቱ የሚመጣውን ሠራተኛ ያስቀይማል።

ወደ ሆቴል ሥራ ስመጣ ይህ ጉዳይ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚመራ አውቃለሁ። አዋጁን ያነበብኩት ለዚህ ማመልከቻ ብዬ አይደለም፤ ካለፈው መስከረም ጀምሮ በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር የሰው ሀብት ሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪ እየተማርኩ ነው። በአዋጁ መሠረት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ሊሰናበት ይችላል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ መሆኑ፣ ቀኑ መስፈሩና ለሠራተኛው መድረሱ ሆቴሉን ከክርክር ያድነዋል። ሠራተኛውንም በአለቃ ስሜት ከመባረር ይጠብቀዋል። ይህን ዓይነት ወረቀት በጥንቃቄ መያዝ ለ11 ዓመት የኖርኩበት ልማድ ነው። በሮስተር ላይ የአንድ ተማሪ አንድ ቁጥር ብትሳሳት የልጁ ደረጃ ይዛባል፤ በማግስቱም ወላጅ በር ላይ ይቆማል።

የፈረቃ ድልድልም እንግዳ አይሆንብኝም። ሦስት ዓመት በተከታታይ የትምህርት ቤቱን የክፍለ ጊዜ ፕሮግራም ካወጡት ሁለት ሰዎች አንዷ ነበርኩ። 74 መምህራን፣ አንድ ቤተ ሙከራ፣ አንድ የስፖርት ሜዳ፣ ልጅ የምታጠባ እናት፣ ማታ የሚማር መምህር፣ ሁሉም በአንድ ሰሌዳ ላይ መግባት አለበት። ከዚያ የተማርኩት አንድ ነገር አለ፦ ሰው ከሚከብደው ድልድል ይልቅ ምክንያቱ ያልተነገረው ድልድል ያስቆጣዋል። ስለዚህ በሁለተኛው ዓመት ፕሮግራሙ ከመውጣቱ በፊት የድልድሉን መመዘኛ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍን። አስቸጋሪ ክፍለ ጊዜዎችም በየሴሚስተሩ እንዲዞሩ አደረግን። ቅሬታ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን “ለእሷ አድልተው ነው” የሚለው ንግግር ቀረ። እንግዳ ሌሊትም በሚገባበት ቤት፣ የበዓል ቀንና የሌሊት ፈረቃ በማን ላይ እንደሚወድቅ መምሪያዎ በየሳምንቱ የሚጋፈጠው ጥያቄ ይመስለኛል።

ስለ ሥራ አፈጻጸም ምዘና ያለኝ አቋም ከራሴ ገጠመኝ የመጣ ነው። ሥራ በጀመርኩበት በሁለተኛው ዓመት፣ ዛሬ በማልሠራበት ትምህርት ቤት፣ ዝቅተኛ ውጤት ተሰጠኝ። ምክንያቱን ስጠይቅ “አጠቃላይ ግምገማ ነው” ተባልኩ። ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ፣ ምን እንደማሻሽል ሳላውቅ አንድ ዓመት አሳለፍኩ። የመመዘን ተራ ለእኔ ሲደርስ ለእያንዳንዱ መምህር በደብተር አንድ አንድ ገጽ ከፈትኩ። ክፍል ገብቼ ስመለከት ቀኑን፣ ክፍሉንና ያየሁትን ነገር ብቻ እጽፋለሁ። “ተሳትፎ ደካማ ነው” ብሎ ከመጻፍ “በ40 ደቂቃ ውስጥ 3 ተማሪዎች ብቻ ተናገሩ፤ ሦስቱም ፊት ረድፍ” ብሎ መጻፍ ይሻላል። መምህሩ በዚህኛው አይከራከርም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ኋላ ረድፍ ይሄዳል። ውጤት በምሰጥበት ቀንም ማንም አዲስ ነገር አይሰማም፤ ቀድሞ ተነጋግረንበታል።

በቅጥርም ጥቂት ሠርቻለሁ። ወሊድ ላይ በወጡ መምህራን ምትክ በኮንትራት ለሚቀጠሩ ሰዎች በተቋቋመ ኮሚቴ ውስጥ 5 ጊዜ ተሳትፌያለሁ። ድርሰት ሳርም የተማሪውን ስም አጥፌ እሸፍን ስለነበር፣ የአመልካቾችን የጽሑፍ ፈተና በኮድ እንድናርም ሐሳብ አቀረብኩና ተቀባይነት አገኘ። ከቃለ መጠይቁ በኋላም እያንዳንዱ የኮሚቴ አባል ከመነጋገራችን በፊት ነጥቡን ለብቻው ጽፎ እንዲያስቀምጥ አደረግን። እንዲህ ካልሆነ በዕድሜ የገፋው ሰው ቀድሞ ሲናገር ሌሎቻችን ከአክብሮት የተነሣ ወደ እሱ እናዘነብላለን።

ሆቴሉ በመስተንግዶና በቤት አያያዝ ክፍል ብዙ ወጣቶችን እንደሚቀጥር ከማስታወቂያው ተረድቻለሁ። ለብዙዎቹ የመጀመሪያ ሥራቸው ይሆናል። ይህን ዕድሜ አውቀዋለሁ። ያልገባውን “ገብቶኛል” የሚል፣ ሲሳሳት የሚደብቅ፣ በሰው ፊት ከተገሠጸ የማይመለስ፣ ለብቻው በአክብሮት ከተነገረው ግን ከተጠበቀው በላይ የሚሠራ ነው። አዋጁ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ሰው ይህ 10 ሳምንት ነው። ዕድሉን ባገኝ በእነዚህ 10 ሳምንታት አዲሱ ሠራተኛ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ከቅርብ አለቃው ጋር ተቀምጦ እንዲነጋገርና ውይይቱ በማኅደሩ እንዲሰፍር ለማድረግ እሠራለሁ። በ59ኛው ቀን ድንገት “አልሆነም” መባል የለበትም።

የሚጎድለኝንም ልናገር። በሥራ ላይ ፔሮል ሠርቼ አላውቅም፤ በኅብረት ስምምነት ድርድርም ተቀምጬ አላውቅም። ለፔሮሉ በኤክሴል የምናባዊ ድርጅት የ50 ሠራተኞች ሰንጠረዥ አዘጋጅቼ በየወሩ እሠራዋለሁ። መሠረታዊ ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ለጡረታ 7 በመቶ ማለትም 700 ብር ሲቆረጥበት አሠሪው 11 በመቶ፣ 1,100 ብር ይጨምራል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት ደግሞ መደበኛው የሰዓት ክፍያ በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። ስሌቱ አያስቸግረኝም። ሆቴሉ የሚጠቀምበትን ሶፍትዌርና የእውነተኛ ወር መጨረሻን ጥድፊያ ግን ከባልደረቦች ሥር ሆኜ መማር ይኖርብኛል። ለዚህም ከእኔ በዕድሜ ከሚያንስ ሰው ሥር መሥራት ቅር አይለኝም።

ከማስተማር የምወጣው ሙያውን ጠልቼው አይደለም። ሰላምታ የሚሰጡኝ የድሮ ተማሪዎቼ በየታክሲው አሉ፤ ያ ሀብቴ ነው። ነገር ግን በመምህራን ክፍል ውስጥ ጥሩ ሠራተኞች በደመወዝ ማነስ ብቻ ሳይሆን ሰሚ በማጣት ጭምር ሲለቁ አይቻለሁ። ያንን መቀነስ የሚችለው ሥራ ላይ መቀመጥ እፈልጋለሁ።

ለጽሑፍ ፈተናም ሆነ ለቃለ መጠይቅ በማንኛውም ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ መቅረብ እችላለሁ፤ ሰኔ 30 ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ሙሉ ቀን። ብቀጠር ለትምህርት ቤቴ የአንድ ወር ቅድመ ማስታወቂያ ሰጥቼ፣ የተማሪዎቼን ውጤትና በእጄ ያለውን ንብረት አስረክቤ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ መጀመር እችላለሁ። ስልኬና ስለ ሥራዬ ሊመሰክሩልኝ የሚችሉ የሁለት ኃላፊዎች አድራሻ በካሪኩለም ቪቴዬ ላይ ሰፍሯል። ስሞቹ የተሸፈኑበት አንድ የክፍል ምልከታ ቅጽና ያዘጋጀሁት የፔሮል ሰንጠረዥም ለናሙና ተያይዘዋል። ቃለ መጠይቅ ላይ ከፈለጉ ሰንጠረዡን ፊትዎ ቁጭ ብዬ እሠራዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

መቅደስ ተፈራ
የአማርኛ መምህርትና ዩኒት ሊደር

አባሪ፦ ካሪኩለም ቪቴ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ማስረጃ፣ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት መከታተያ ደብዳቤ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ፣ የክፍል ምልከታ ቅጽ ናሙና፣ የፔሮል ሰንጠረዥ ናሙና