ለኤንክሌክስ ፈተና የስድስት ወር የጥናት ዕቅድ፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት

ይህ ዕቅድ የተዘጋጀው በደብረ ማርቆስ ለምንሠራና በአሜሪካ የነርስነት ፈቃድ የሚያስገኘውን ኤንክሌክስ-አርኤን በመጪው ሚያዝያ ለመፈተን ለተስማማን አምስት ነርሶች ነው። ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ ሲሆን፣ ተፈታኙ ሲመልስ ጥያቄው እየከበደ፣ ሲስት እየቀለለ ይሄዳል፤ ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ጥያቄ በ5 ሰዓት ውስጥ ይቀርባል፤ ያለፉትን ጥያቄ ተመልሶ ማረምም አይቻልም።

በጥቅምትና በኅዳር ከተረኝነት ውጭ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት መሠረታዊ የነርስነት ሙያንና ስሌትን እንከልሳለን። ለምሳሌ 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 15 ጠብታ በሚያወርድ የፈሳሽ መስጫ ቱቦ በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ከታዘዘ፣ በደቂቃ 31 ጠብታ ይሆናል። የፋራናይትና የፓውንድ ልወጣም የዚሁ አካል ነው። የሰዓት አቆጣጠሩን አንናቅ፤ 0900 የሚለው የእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ እኔ ራሴ በልምምድ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳስቼበታለሁ።

ታኅሣሥና ጥር የመድኃኒትና የውስጥ ደዌ ወራት ናቸው፤ መድኃኒት ብቻውን ከፈተናው ከ13 እስከ 19 በመቶ ይይዛል። ፖታሲየም ክሎራይድ በደም ሥር ተገፍቶ ፈጽሞ እንደማይሰጥ፣ ለአዋቂ ዲጎክሲን ከመስጠት በፊት የልብ ምት በልብ ጫፍ ላይ ሙሉ ደቂቃ እንደሚቆጠር ሁላችንም እናውቃለን፤ ጥያቄው ግን ይህንን በታካሚ ታሪክ ውስጥ ደብቆ ይጠይቃል። ከጥር 10 እስከ 12 ጥምቀት ስለሆነ ጥናት የለም።

የካቲት ሙሉውን ለሥራ ክፍፍልና ለቅድሚያ አሰጣጥ ተለይቷል፤ ይህ የሚገኝበት የእንክብካቤ አስተዳደር ክፍል ከ15 እስከ 21 በመቶ ይይዛል፤ እኛን የሚጥለንም እሱ ይመስለኛል። በዋርዳችን ታካሚውን የሚያጥበው፣ የሚያበላውና የሚያገላብጠው አስታማሚው ነው፤ ሌላውን ሁሉ ነርሷ ትሠራለች። በፈተናው ሆስፒታል ግን ማጠብና የተረጋጋ ታካሚ ቫይታል ሳይን መለካት ለረዳት ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ምርመራ፣ ትምህርትና የውጤት ግምገማ ከተመዘገበች ነርስ እጅ አይወጣም። እዚህ «ሁሉንም እኔው ልሥራ» ማለት ትጋት ነው፤ እዚያ ስሕተት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እያንዳንዳችን ካደርንበት ተረኝነት አንድ ሌሊት ወስደን፣ የትኛውን ታካሚ መጀመሪያ እንደምናይና የትኛውን ሥራ ለማን እንደምንሰጥ ለጓደኞቻችን እናስረዳለን።

በመጋቢት በየሳምንቱ አንድ ሙሉ የ5 ሰዓት ልምምድ ይኖራል፤ እያንዳንዳቸው ስድስት ጥያቄ ያላቸው ሦስት የታካሚ ታሪኮችም ይካተታሉ። መብራት ስለሚጠፋ ጥያቄዎቹ አስቀድመው ይታተማሉ።

ከጥናቱ ጎን ለጎን አንድ ጉዳይ በጥቅምት መጣራት አለበት፤ በፓስፖርትና በፈተና ምዝገባው ላይ ያለው ስም ፊደል በፊደል አንድ መሆን ስላለበት፣ በዲግሪውና በፓስፖርቱ የአባቱ ስም በእንግሊዝኛ በተለያየ ሆሄ የተጻፈበት ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ያስተካክል።