ለ«ምጣድና ሽቦ» ተከታዮች፦ ቻናላችን ጉዳዩ እስኪጣራ ለጊዜው ተዘግቷል

ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ የ«ምጣድና ሽቦ» ቤተሰቦች፣

ከትናንት ማክሰኞ ጀምሮ የኤሌክትሪክ ምጣድ ጥገናን የምናስተምርበትን የዩቲዩብ ቻናላችንን ስትከፍቱ የሚመጣላችሁ አካውንቱ መዘጋቱን የሚናገር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ነው። የዘጋው ዩቲዩብ ነው፤ ያስዘጋው ደግሞ አካውንታችንን የነጠቁ ሌቦች በእኛ ስም ያስተላለፉት የማጭበርበሪያ ላይቭ ነው። አካውንቱ ወደ እጃችን ተመልሷል፣ ይግባኝ ገብቷል፣ ጉዳዩም እየተጣራ ነው። መልስ የሚሰጥበት ቀን ስላልተነገረን እኛም ቀን ቆርጠን አንነግራችሁም።

ከዝርዝሩ በፊት አንድ ነገር ያዙልን። ቻናሉ ተዘግቶ ባለበት በዚህ ሰሞን በስማችን ገንዘብ የሚጠይቅ፣ «አዲሱ ቻናላችን ይኸው» የሚል ወይም በውስጥ መስመር ሊንክ የሚልክ ሁሉ እኛ አይደለንም። ለቻናል ማስመለሻ የሚከፈል ክፍያ የለም፤ ይግባኝ በነፃ ነው። ስለዚህ «በቴሌብር ትንሽ አግዙን» የሚል መልእክት ከደረሳችሁ፣ ሎጎአችንን ቢለጥፍም ድምፃችንን ቢያስመስልም፣ አትላኩ።

አሁን ወደ ሆነው ነገር። ሰኞ ዕለት የእጅ መሣሪያ አምራች ነኝ ከሚል ሰው የማስታወቂያ ውል የያዘ ኢሜይል ደረሰን። ፋይሉ በፓስወርድ የተቆለፈ ዚፕ ሲሆን ፓስወርዱ ከኢሜይሉ ጋር ተጽፏል። ይህ የሚደረገው ለሚስጥር ሳይሆን የኢሜይል ቫይረስ መፈተሻ የተቆለፈውን ከፍቶ እንዳያይ ነው። ውስጡ ያለው ፋይል ስሙ በ`.pdf.scr` ያበቃል። ዊንዶውስ የመጨረሻውን ቅጥያ ስለሚደብቅ ተራ ፒዲኤፍ ይመስላል እንጂ `.scr` ሲከፈት የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ተከፈተ። ያ የእኛ ጥፋት ነው።

ብዙዎቻችሁ «ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አልነበራችሁም ወይ?» ብላችኋል። ነበረን፤ ግን በዚህ ዓይነት ስርቆት አያድንም። ሌባው ፓስወርድ አይሰብርም፤ ብሮውዘሩ ውስጥ ያለውን ኩኪ ይገለብጣል። ትልልቅ ሕንፃዎች በር ላይ መታወቂያ አስይዛችሁ የእንግዳ ባጅ እንደሚሰጣችሁ አስቡት፦ ባጁን የያዘ ሰው ሁለተኛ መታወቂያ አይጠየቅም። ኩኪ ማለት ያ ባጅ ነው። በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ከ15 ሚሊዮን በላይ ተከታይ የነበረው የካናዳው ሊነስ ቴክ ቲፕስ የተነጠቀውም በዚሁ መንገድ ነበር።

ማክሰኞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ሌቦቹ የቻናሉን ስምና ምስል ቀየሩ፣ 214ቱንም ቪዲዮዎች ደበቁ፣ ከዚያም «የላካችሁትን ክሪፕቶ እጥፍ አድርገን እንመልሳለን» የሚል ላይቭ ከፈቱ። ዩቲዩብ ቻናሉን የዘጋው ወደ 11 ሰዓት ንጋት ላይ ነው። መዘጋቱ ቢያምም ትክክል ነበር እንላለን፤ ላይቩ ላይ የነበረው ኪውአር ኮድ ስልካችሁ ላይ አንድ ሰዓት ተጨማሪ ቢቆይ ጉዳቱ ይብስ ነበር።

ሲነጋ የተሠራው ሥራ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ስለሆነ እንጽፈዋለን፤ በእናንተም ላይ ሊደርስ ይችላል። መጀመሪያ የተበከለው ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ተነቀለ። ፓስወርድ የተቀየረው ከሌላ ንጹሕ ስልክ ነው፤ በተበከለው ማሽን ላይ ብትቀይሩ አዲሱንም ፓስወርድ ለሌባው መስጠት ነው። ቀጥሎ ከሁሉም መሣሪያ የመውጣት ትእዛዝ ተሰጠ፣ የተሰረቀው ኩኪ ዋጋ ያጣውም ያኔ ነው። ከዚያ የመልሶ ማግኛ ስልክና ኢሜይል ተፈተሹ፤ ሌቦቹ የራሳቸውን ቁጥር አስገብተው ነበር፣ ተነሣ። የማረጋገጫው መጠባበቂያ ኮዶች በአዲስ ተተኩ። በመጨረሻ የቻናሉ የፈቃድ ዝርዝር ታየ፤ እዚያም በአስተዳዳሪነት የተጨመረ አንድ የማናውቀው ኢሜይል ተገኘ። ብዙ ሰው ይህን የመጨረሻውን ይረሳውና በሳምንቱ ቻናሉን በድጋሚ ይነጠቃል። ኮምፒውተሩ ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ ከባዶ ተጭኗል፤ በቫይረስ ማጥፊያ ብቻ አላመንነውም።

ይግባኙ ማክሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ገብቷል። የያዘውም ላይቩ የተላለፈበት ሰዓት፣ የማናውቀው መሣሪያ የገባበት መዝገብ፣ የመጣልን ኢሜይል ምስልና አካውንቱ የተመለሰበት ሰዓት ነው። ደጋግሞ ማስገባት አያፋጥነውም። በዚህ አጋጣሚ፣ በቅንነት ለዩቲዩብ መልእክት እየላካችሁልን ያላችሁ፣ እናመሰግናለን፣ ግን ይቅር። አጣሪው የሚያየው የአካውንቱን መዝገብ ነው፤ የተከታይ ብዛት ማስረጃ አይሆንም።

ላይቩን አይታችሁ አንድ ነገር ያደረጋችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡ። ማየት ብቻ ጉዳት የለውም። ክሪፕቶ የላከ ሰው ግብይቱን መመለስ አይችልም፤ የላከው በመገበያያ ድርጅት በኩል ከሆነ ግን የተቀባዩን አድራሻ ይዞ ዛሬውኑ ለድርጅቱ ያመልክት። የዋሌቱን 12 ወይም 24 ሚስጥራዊ ቃላት የጻፈ ሰው አዲስ ዋሌት ከፍቶ የቀረውን ወዲያው ያዛውር፤ አሮጌው ዋሌት ፓስወርዱን ቢቀይርም አይድንም። ፋይል ወይም አፕ ያወረደ ደግሞ ያጥፋው፣ ከሌላ ስልክ ፓስወርዱን ይቀይር፣ ከዚያ `myaccount.google.com/device-activity` ላይ ገብቶ የማያውቀውን መሣሪያ ያስወጣ። ቴሌግራም ላይ `Settings` ከዚያ `Devices` ውስጥ `Terminate all other sessions` የሚለውን ይጫን። የላከውን ገንዘብ «እናስመልስልሃለን» ብሎ የሚመጣ ሰው ቢኖር ያው ሌባ ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው።

ቪዲዮዎቹን በዩቲዩብ አፕ ውስጥ አውርዳችሁ የነበራችሁ፣ ስልካችሁ ኢንተርኔት ሲያገኝ አፑ የቪዲዮውን ሁኔታ ስለሚፈትሽ የወረደው ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ከዚያ የምትፈልጉት ልክ ካለ ዛሬ ወረቀት ላይ ገልብጡ። የሁሉም ቪዲዮዎች ዋና ቅጂ ግን በሁለት የውጭ ዲስኮች ላይ በእጃችን አለ፤ የጠፋ ትምህርት የለም። በጣም የተጠየቁትን 12 ቪዲዮዎች ከነገ ሐሙስ ጀምሮ በቴሌግራም ገጻችን እንለቃለን፣ ዳታ እንዳይበላችሁ ጥራቱን ወደ 480 አውርደን። በራሱ እንዳያወርድባችሁ `Data and Storage` ውስጥ አውቶማቲክ ማውረዱን አጥፉት።

ከመጡልን መልእክቶች የከበደን «ምጣዴን ፈትቼ ግማሽ ላይ ቪዲዮው ጠፋብኝ» የሚለው ነው። ለእናንተ ዋና ዋና ልኮቹ እነሆ፣ ቪዲዮው እስኪመጣ እንዳትገምቱ። ብሬከሩን አጥፉ፣ ስፒናውን ንቀሉ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ካለ ብሬከሩ ላይ ወረቀት ለጥፉ። የ3,800 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት ላይ ወደ 17 አምፔር ይስባል፤ የሬዚስታንሱ ሁለት ጫፍ ላይ ቴስተር ስታደርጉ ወደ 12.7 ኦም ማንበብ አለበት። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል። በሬዚስታንሱና በብረት አካሉ መካከል ግን ምንም ንባብ መኖር የለበትም፤ ካለ ምጣዱ ይይዛል፣ አትሰኩት።

የተበጠሰውን ጠምዝዞ ማያያዝ ለጥቂት ጊዜ ይሠራና እዚያው ቦታ ላይ ይቃጠላል፤ መገጣጠሚያው ከሌላው ሽቦ በላይ ስለሚግል ነው። ቆርቆሮ ብየዳ ደግሞ በዚያ ሙቀት ይቀልጣል። አንዳንዱ የተቃጠለውን ቆርጦ የቀረውን ይስባል፦ ሽቦው በ10 በመቶ ሲያጥር መሳቡ ከ19 አምፔር ያልፋል፣ እንጀራውም መሐሉ ያርራል። ሙሉ ሬዚስታንስ ግዙ። ስፒናችሁ ከቀለጠ ምጣዱን አትውቀሱ፤ 16 አምፔር የተጻፈበት ሶኬት 17 አምፔር ለሰዓታት እየተሸከመ ነው። ለብቻው በ4 ካሬ ሽቦና በ20 አምፔር ብሬከር የተዘረጋ መስመር፣ ከነኧርዙ፣ ያስፈልገዋል። የሽቦ ሥራውን ግን ለሙያተኛ ስጡ፤ ይህን በቪዲዮም ስንል ነበር።

በማጣራቱ ለእኛ ከተፈረደ ቻናሉ አብዛኛውን ጊዜ ከነሰብስክራይበሩ ይመለሳል፣ እንደገና ሰብስክራይብ ማድረግ አያስፈልጋችሁም። ቁጥሩ ለጥቂት ቀናት ዝቅ ብሎ ቢታይ አትደንግጡ። ቪዲዮዎቹም በአንዴ ላይታዩ ይችላሉ፤ ሌቦቹ የደበቋቸውን አንድ በአንድ መልሰን መክፈት አለብን፤ ከኤሌክትሪክ ደኅንነት ክፍሎች እንጀምራለን። ይግባኙ ውድቅ ከሆነ በአዲስ ቻናል 214ቱን መልሰን እንጭናለን። ያን ጊዜ የሚጠፋው የእናንተ ኮሜንት ነው፣ ያ ደግሞ በእውነት ያሳዝነናል፤ ከቪዲዮው ይልቅ ኮሜንቱ ላይ የተሻለ መፍትሔ የተገኘባቸው ክፍሎች ብዙ ናቸው። ጥያቄና መልስ ያለባቸውን ስክሪንሹት አድርጋችሁ የያዛችሁ ካላችሁ በቴሌግራም ገጻችን ሥር ለጥፉልን።

አዲስ ቻናል ቢከፈት ሊንኩ የሚወጣው በዚሁ በነባሩ የቴሌግራም ገጻችን ብቻ ነው፣ የመጀመሪያ ጽሑፉ ኅዳር 2012 ላይ የተለጠፈው። ተመሳሳይ ስም ያለው ገጽ ካገኛችሁ ወደ ላይ ወጥታችሁ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ቀን እዩ፤ የሌባ ገጽ የመጀመሪያ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የቅርብ ቀን ነው።

ቀጣዩን መረጃ ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ እንለጥፋለን፣ አዲስ ነገር ባይኖርም «እስካሁን መልስ የለም» ብለን። ከዚያም መልስ እስኪመጣ በየዓርቡ።

ከአክብሮት ጋር
የ«ምጣድና ሽቦ» አዘጋጆች
አዲስ አበባ