ቅዳሜ እንጠብቅዎታለን፦ የመግቢያ ሰዓት፣ ፓርኪንግ፣ ቀድሞ መድረስ

ጤና ይስጥልን፣

ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ክፍልዎ ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል።

መግቢያ፦ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ። መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ይያዙ።

ፓርኪንግ፦ ግቢው ውስጥ ነው። ክፍያ የለውም፣ ሌሊትም ዘበኛ አለ። የሚይዘው 6 መኪና ብቻ ስለሆነ፣ በመኪና የሚመጡ ከሆነ እስከ ዓርብ ማታ ይንገሩን።

ቀድመው ከደረሱ፦ ከአዲስ አበባ በሌሊት የሚነሱ እንግዶቻችን ብዙ ጊዜ ከ8 ሰዓት በፊት ይደርሳሉ። ግድ የለም፣ ይምጡ። ሻንጣዎን እናስቀምጣለን። ሻወር መውሰድ ይችላሉ፣ ቡናም ይፈላል። ክፍሉ ቶሎ ከተጸዳ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይገባሉ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ክፍሉን በእርግጠኝነት ከፈለጉ ግን 600 ብር ይጨመራል፤ ይህንንም እስከ ዓርብ ማታ ያሳውቁን፣ የዓርብን ሌሊት ክፍሉን ለሌላ እንግዳ እንዳንሰጠው።

አንድ አደራ፦ የአባይ በረሃ መንገድ ጊዜ ይወስዳል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን እባክዎ አይቸኩሉ። ከምሽቱ 4 ሰዓት የሚያልፍብዎ ከመሰለዎት ብቻ ይደውሉልን፤ በር የሚከፍት ሰው ይጠብቅዎታል።

ለሌላው ጥያቄ በዚሁ ኢሜይል ይመልሱልን።

መልካም መንገድ!
የእንግዳ ማረፊያው ቤተሰብ