ስኪዞፍሬኒያ ካለበት የቤተሰብ አባል ጋር መኖር፦ ለድሬዳዋ ቤተሰቦች
ስኪዞፍሬኒያ የአንጎል ሕመም እንጂ የእርግማን ወይም የአስተዳደግ ጉድለት ውጤት ስላልሆነ ራሳችሁን አትውቀሱ። ታማሚው ሌሎች የማይሰሙትን ድምፅ እንደሚሰማ ሲነግራችሁ አትከራከሩት፣ የምትሰሙም አታስመስሉ፤ «እኔ አልሰማም፤ አንተን ግን እንዳስፈራህ ይገባኛል» ማለት ይበቃል። «ተሽሎኛል» ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ ሕመሙን ስለሚያስነሣ፣ ጸበል ወይም ዱዓ የሚሻ ቤተሰብ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስኪድ። ጫት በከተማችን የእንግዳ ክብር መሆኑን ብናውቅም፣ እንቅልፍ ስለሚነሳና ሕመሙን ሊያባብስ ስለሚችል በበርጫ ሰዓት አትጋብዙት። አንዳንድ መድኃኒቶች ሰውነት ሙቀትን የመቋቋም አቅሙን ስለሚቀንሱ፣ በቀትር ጥላ ሥር ይረፍ፣ ውኃም ደጋግሞ ይጠጣ። እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከራቀ፣ ወይም «መርዝ አለበት» ብሎ ምግብ ከተወ፣ ቀጠሮውን ሳትጠብቁ ወደ ሕክምና አምጡት፤ ራሱን ወይም ሌላውን እጎዳለሁ ካለ ግን ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል አድርሱት።