የማይልድ ስቲል የመሳብ ሙከራ፦ የላብራቶሪ ሪፖርት

ዓላማና ዋና ውጤት

ማይልድ ስቲል ሲሳብ ምን ያህል እንደሚችል፣ መቼ እጅ እንደሚሰጥና ምን ያህል ረዝሞ እንደሚበጠስ ለካን። የመጀመሪያው ናሙና በ288 ሜጋፓስካል እጅ ሰጠ። ከፍተኛ ጥንካሬው 431 ሜጋፓስካል ነው። እስኪበጠስ ድረስ 32.6 በመቶ ረዝሟል። ብረቱ ለመለጠጥ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚያሳየው የያንግ ሞዱለሱ፣ ናሙናው ላይ ታስሮ መርዘሙን በሚያነበው በኤክስቴንሶሜትር ሲለካ 204 ጊጋፓስካል ወጣ። ከማሽኑ የራሱ እንቅስቃሴ ስናሰላው ግን 31 ጊጋፓስካል ሆነ። ብረቱ አንድ፣ ጭነቱም አንድ፤ ቁጥሩ ግን ስድስት ተኩል እጥፍ ያህል ተራራቀ። የስህተት ትንተናው በአብዛኛው በዚህ ላይ ያተኩራል።

ናሙናና መሣሪያ

ሁለቱም ናሙናዎች ከአንድ 16 ሚሊሜትር ክብ ብረት ተቆርጠው በቶርኖ ወደ 10 ሚሊሜትር ተላጡ። ቀጥ ያለው ክፍል 60 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በእሱ ላይ 50 ሚሊሜትር የመለኪያ ርዝመት በሁለት ቀጫጭን ጭረቶች ምልክት አደረግን። ጭረቱ ጠለቅ ካለ ብረቱ እዚያው ላይ ሊበጠስ ስለሚችል እጃችንን ቀለል አድርገን ነው የጫርነው።

ዲያሜትሩን በማይክሮሜትር በሦስት ቦታ ለካን።

| ናሙና | ንባቦች (ሚሊሜትር) | አማካይ (ሚሊሜትር) | ስፋት (ካሬ ሚሊሜትር) |
|---|---|---|---|
| 1 | 10.01፣ 9.98፣ 9.98 | 9.99 | 78.38 |
| 2 | 10.02፣ 10.03፣ 10.01 | 10.02 | 78.85 |

ማሽኑ 100 ኪሎኒውተን የሚችል ሲሆን የጭነት መለኪያው ስህተት እስከ 1 በመቶ ነው። ኤክስቴንሶሜትሩ እስከ 0.001 ሚሊሜትር ያነባል። የክፍሉ ሙቀት 23 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። መጀመሪያ በደቂቃ 1 ሚሊሜትር ሳብን፤ ናሙናው እጅ ከሰጠ በኋላ ወደ 5 ሚሊሜትር ከፍ አደረግን። ኤክስቴንሶሜትሩን 0.5 ሚሊሜትር ሲያነብ አወለቅነው፤ ብረቱ ሲበጠስ አብሮ ቢደነግጥ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም።

ስሌቱ በእነዚህ ቀመሮች ነው፤ ስትረስ σ ጭነቱ F በመነሻው ስፋት A₀ ሲካፈል፣ ስትሬን ε መርዘሙ ΔL በመነሻው ርዝመት L₀ ሲካፈል፣ E ደግሞ የያንግ ሞዱለሱ ነው፦

```
σ = F / A₀
ε = ΔL / L₀
E = Δσ / Δε
```

ውጤት

የናሙና 1 ንባቦች፣ ብረቱ እጅ ከመስጠቱ በፊት፦

| ጭነት (ኪሎኒውተን) | ስትረስ (ሜጋፓስካል) | ኤክስቴንሶሜትር (ሚሊሜትር) | ስትሬን (በሺህ) | የማሽኑ እንቅስቃሴ (ሚሊሜትር) |
|---|---|---|---|---|
| 4 | 51.0 | 0.013 | 0.26 | 0.21 |
| 8 | 102.1 | 0.025 | 0.50 | 0.36 |
| 12 | 153.1 | 0.038 | 0.76 | 0.47 |
| 16 | 204.1 | 0.050 | 1.00 | 0.57 |
| 20 | 255.2 | 0.063 | 1.26 | 0.67 |

በአምስቱ ነጥቦች መካከል የተሰመረው ቀጥታ መስመር 204 ጊጋፓስካል ይሰጣል። ለብረት ከሚጠበቀው ከ200 እስከ 210 ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የሁለቱም ናሙናዎች፤ ዪልድ ያልነው ብረቱ እጅ የሚሰጥበትን ነው፦

| መለኪያ | ናሙና 1 | ናሙና 2 |
|---|---|---|
| የላይኛው ዪልድ ጭነት (ኪሎኒውተን) | 22.6 | 22.9 |
| የላይኛው ዪልድ ስትረስ (ሜጋፓስካል) | 288 | 290 |
| የታችኛው ዪልድ ጭነት (ኪሎኒውተን) | 21.4 | 21.6 |
| የታችኛው ዪልድ ስትረስ (ሜጋፓስካል) | 273 | 274 |
| ከፍተኛ ጭነት (ኪሎኒውተን) | 33.8 | 34.1 |
| ከፍተኛ ስትረስ (ሜጋፓስካል) | 431 | 432 |
| ሲበጠስ የነበረው ጭነት (ኪሎኒውተን) | 25.1 | 25.4 |
| የመጨረሻ ርዝመት (ሚሊሜትር) | 66.3 | 63.7 |
| መርዘም (በመቶ) | 32.6 | 27.4 (ተቀባይነት የለውም) |
| የአንገቱ ዲያሜትር (ሚሊሜትር) | 6.05 | 6.09 |
| የስፋት መቀነስ (በመቶ) | 63.3 | 63.1 |

ያየነው

ግራፉ እስከ 22.6 ኪሎኒውተን ቀጥ ብሎ ወጣ። ከዚያ ድንገት ወደ 21.4 ወረደና እዚያው እየተንቀጠቀጠ ጋደም አለ። ይህ የማይልድ ስቲል መታወቂያ ነው ማለት ይቻላል። የካርቦንና የናይትሮጅን አቶሞች በብረቱ ውስጥ ያሉትን ዲስሎኬሽኖች፣ ማለትም የአቶሞቹ አሰላለፍ የተዛባባቸውን መስመሮች፣ አስረው ይይዛሉ። ከእስሩ ለማስለቀቅ ከፍ ያለ ኃይል ይጠይቃል፤ ከተለቀቁ በኋላ ግን ለመንቀሳቀስ ያነሰ ይበቃል። በዚህ ሰዓት በተላጠው ገጽ ላይ ፈዘዝ ያሉ ሰያፍ መስመሮች ታዩ፤ ወደ 45 ዲግሪ ያዘነበሉ ናቸው።

ከዚያ ጭነቱ እንደገና መውጣት ጀመረ፤ ብረቱ በመለጠጡ እየጠነከረ ነው። 33.8 ላይ ሲደርስ አንገት መቅጠን ጀመረ። ከዚህ በኋላ ጭነቱ እየቀነሰ ሄዶ በ25.1 ጧ! ብሎ ተበጠሰ። አንዱ ጫፍ እንደ ስኒ ጎድጉዷል፣ ሌላው እንደ ሾጣጣ ወጥቷል። ስብራቱን ወዲያው ስንነካው ሞቅ ይላል። ለመለጠጥ የዋለው ሥራ አብዛኛው ወደ ሙቀት ነው የተቀየረው።

ጭነቱ ስለቀነሰ ብረቱ ደከመ ማለት ግን አይደለም። የቀነሰው ስፋቱ ነው። 25.1 ኪሎኒውተንን በአንገቱ ትክክለኛ ስፋት፣ በ28.75 ካሬ ሚሊሜትር፣ ብናካፍለው 873 ሜጋፓስካል እናገኛለን። በመነሻው ስፋት ግን 320 ብቻ ነው የሚመስለው።

የስህተት ትንተና

መጀመሪያ ወደ 31 ጊጋፓስካል እንመለስ። ከ12 ወደ 20 ኪሎኒውተን ስንሄድ ማሽኑ 0.20 ሚሊሜትር ተንቀሳቅሷል። ይህን በ60 ሚሊሜትር ስናካፍል ነው 31 የመጣው። ኤክስቴንሶሜትሩ ግን በዚሁ መሀል የስትሬኑን ለውጥ 0.50 በሺህ ይለዋል። በ60 ሚሊሜትር ላይ 0.030 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። የቀረው 0.17 የናሙናው ቀጥተኛ ክፍል አይደለም፤ የማሽኑ ምሰሶዎች፣ የመንጋጋዎቹና የናሙናው ወፍራም ጫፎች ድርሻ ነው። ከተለካው እንቅስቃሴ 85 በመቶው የሌላ ሰው ሒሳብ ነበር ማለት ነው። ከዚህም ሌላ የመጀመሪያው 4 ኪሎኒውተን ብቻውን 0.21 ሚሊሜትር ወስዷል፤ መንጋጋዎቹ ናሙናውን ነክሰው እስኪረጉ ድረስ ይንሸራተታሉ። ስለዚህ ከማሽኑ እንቅስቃሴ የወጣውን ሞዱለስ ውድቅ አድርገነዋል።

የ204ም ጥርጣሬ ትንሽ አይደለም። ኤክስቴንሶሜትሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነጥብ ያነበበው 0.050 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሁለቱ ንባቦች በድምሩ እስከ 0.001 ሊሳሳቱ ስለሚችሉ 2 በመቶ ይሆናል። የጭነቱ 1 በመቶና የስፋቱ 0.2 በመቶ ሲታከሉበት፦

```
√(2² + 1² + 0.2²) ≈ 2.2 %
E = 204 ± 5 GPa
```

ለከፍተኛው ስትረስ የጭነት መለኪያው ብቻ ነው የሚገዛው፦ 431 ± 4 ሜጋፓስካል። ሁለቱ ናሙናዎች በ1 ሜጋፓስካል ብቻ መለያየታቸው ያስደስታል፤ ነገር ግን በአንድ ማሽን ስለተለኩ የመለኪያውን የጋራ ስህተት አያሳይም። የላይኛው ዪልድ ደግሞ ለፍጥነትና ናሙናው ቀጥ ብሎ ለመያዙ ስሱ ነው። ለስሌት አንዱን ምረጡ ብንባል የታችኛውን እንመርጣለን።

መርዘሙን ለመለካት የተበጠሱትን ጫፎች መልሰን ገጠምናቸው። ሦስታችን ለየብቻ ለክተን 66.1፣ 66.3 እና 66.5 አገኘን። ካሊፐሩ 0.02 ሚሊሜትር ያነባል፤ ስህተቱ ግን ከእሱ ሳይሆን ሁለቱ ጫፎች ፍጹም ካለመግጠማቸው ነው። ስለዚህ መርዘሙ 32.6 ± 0.4 በመቶ ነው። አንገቱም ፍጹም ክብ አልነበረም፦ በአንድ በኩል 6.10፣ በሌላው 6.00 ሚሊሜትር። የስፋት መቀነሱን 63.3 ± 0.6 በመቶ ያደርገዋል።

ናሙና 2 የተበጠሰው ከመለኪያው ምልክት 3 ሚሊሜትር ብቻ ርቆ ነው። የአንገቱ ልጥጠት ከፊሉ ከምልክቱ ውጭ ስለቀረ 27.4 በመቶውን አልተጠቀምንበትም። በዚሁ ናሙና ላይ የኤክስቴንሶሜትሩ ስለት በ9 ኪሎኒውተን አካባቢ ተንሸራተተ። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ የሚይዘውን ላስቲክ በደንብ አላጠበቅነውም። በዚህ ምክንያት ሞዱለሱ የአንድ ናሙና ብቻ ሆኖ ቀረ።

የብረቱን ደረጃ በተመለከተ፣ ኤስ 275 ለዚህ ውፍረት ቢያንስ 275 ሜጋፓስካል የላይኛው ዪልድና ከ410 እስከ 560 ሜጋፓስካል ከፍተኛ ጥንካሬ ይጠይቃል። ናሙናዎቻችን ስህተቱ ተቀንሶም ሁለቱን ያልፋሉ። የኬሚካል ምርመራ ስላልሠራን ግን ብረቱ ኤስ 275 ነው ብለን አልፈረምንም።