ለማር ጠርሙሱ ፎቶ የመብራት አቀማመጥ

ወንድሜ፣ ነገ ደብረ ብርሃን ስለማልኖር ለማር ጠርሙሱ መብራቱን እንዲህ አቁምልኝ። መጀመሪያ መስኮቱን በጥቁሩ የመንዝ ባና ሸፍነው። አለዚያ መስኮቱ ራሱ ጠርሙሱ ላይ ይታያል።

ዋናው መብራት በግራ፣ 45 ዲግሪ ገደማ ወደ ጎን፣ ከጠርሙሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቁም። በቀጥታ ግን እንዳታበራው። ጠርሙስ እንደ መስታወት ነው፤ ፊቱ ያለውን ሁሉ መልሶ ያሳያል። ትንሽ አምፖል ከሆነ የሚያየው፣ የሚመልሰውም የሚያቃጥል ነጥብ ነው። ስለዚህ መሃል ላይ ስስ ነጭ ጨርቅ ወጥር። ጨርቁ ለጠርሙሱ ቀረብ ይበል፣ ጫፉ ብቻ ካሜራው ውስጥ አይግባ። ያኔ ከአንገቱ እስከ ታች አንድ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ይወጣል። የምንፈልገው እሱን ነው። የመስመሩ መሃል ከነደደብህ መብራቱን ከጨርቁ አርቀው።

ሁለተኛውን በቀኝ አድርገህ ወደ ነጭ ፎም አዙረው። ጥንካሬው ከዋናው ግማሽ አይለፍ። ከበረታ ሁለት እኩል መስመር ይሆንና ጠርሙሱ ጠፍጣፋ ይመስላል።

ሦስተኛው ከኋላ ነው። ከጠርሙሱ ጀርባ፣ ከእሱ ጠበብ ያለ ነጭ ወረቀት ደብቀህ አቁም፣ መብራቱንም ከጎን ወደ ወረቀቱ ላክ። ማሩ ከውስጥ ወርቅ ይመስላል። ሌንሱ ላይ ብርሃን እንዳይወድቅ በጥቁር ካርቶን ከልለው።

ሌብሉ ካብለጨለጨ መብራቱን አትንካ፤ ጠርሙሱን ትንሽ አዙረው። ጥቁር ልብስም ልበስ። ባለፈው ነጭ ሸሚዜ ጠርሙሱ ላይ ቁጭ ብሎ ግማሽ ቀን በልቶብኛል። የጣት አሻራውን መጥረግ እንዳትረሳ።